የወንድሜ ልጆች፣ የቤታቸው ኪራይና ደብተሩ

መጀመሪያ ኢንተርኔት ላይ ባለ የውይይት መድረክ የጻፍኩት ጥያቄ ይኼ ነበር።

ወንድሜና ባለቤቱ በሁለት ዓመት ልዩነት አረፉ። መጀመሪያ እሷ በሕመም፣ ቀጥሎ እሱ በመኪና አደጋ። ሁለት ልጆች ቀሩ፤ ሴቷ 14 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ 6። ለቅሶው ሳያልቅ እኔ ቤት ገቡ፣ ይኸው ዓመት ከመንፈቅ ሆናቸው። የራሴም ሁለት አሉኝ፣ የ12 ዓመት ወንድና የ8 ዓመት ሴት። ከባለቤቴ ጋር ስድስት ነን።

እስካሁን ወረቀት የሚባል ነገር አላወጣሁም። አክስታቸው ነኝ፣ ማን ይጠይቀኛል ብዬ። ባለፈው ወር ግን ወንድሜ ባንክ ያስቀመጠውን ገንዘብ ለልጆቹ ላወጣ ስሄድ የሞግዚትነት ውሳኔ አምጪ ተባልኩ። ከየት እንደሚጀመር አላውቅም።

ሁለተኛው ነገር ይብሳል። ልጆቹ ከአባታቸው የቀረላቸው ቤት አለ፣ ተከራይቷል። ኪራዩን የምቀበለው እኔ ነኝ። ከደሞዛችን ጋር ይቀላቀልና ወሩ ሳያልቅ የለም። ለራሴ ልጅ ጫማ ስገዛ የማን ብር እንደነበር አላውቀውም።

ሦስተኛው ነገር ወረቀት የለውም። ትንሹ ልጅ እስከ ዛሬ ፍሪጅ ከመክፈቱ በፊት ያስፈቅዳል። እጁን እጀታው ላይ ያደርግና ዞሮ ያየኛል። የእኔዎቹ ከፍተውት ነው የሚሄዱት። ምንም አላጎደልኩባቸውም። እንዲያውም ቁጣዬ ሁሉ በራሴ ልጆች ላይ ነው የሚወርደው። ታዲያ ምን ጎደለ?

መልሱ ከ30 በላይ ሆነ። ሁሉንም መዘርዘር አልችልም፣ የረቡኝንና ያናደዱኝን ግን በተራ ልንገራችሁ።

1ኛዋ አጽናናችኝ፣ መረቀችኝ፣ ሄደች። እግዚአብሔር ይስጣት።

2ኛው ጥያቄውን ጭራሽ አልገባውም። ሞግዚት የሚለውን ቃል አይቶ ልጅ የምትይዝልኝ ሠራተኛ የምፈልግ መስሎታል። ተያዥ ሳታስጠሪ እንዳትቀጥሪ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ቤት ሆነሽ ተከታተያት እያለ ረጅም ምክር ጻፈ። ምክሩ እንኳ መጥፎ አልነበረም። 3ኛዋ በሳቅ አረመችው፦ የፍርድ ቤቱ ሞግዚት ደሞዝ የሚከፈላት ሳትሆን ሒሳብ የምትጠየቅ ናት ብላ።

4ኛው እርግጠኛ ሆኖ ነው የመጣው። አክስት በተፈጥሮዋ አሳዳጊ ስለሆነች ፍርድ ቤት መመላለስ አያስፈልግም፣ ከወረዳ የዝምድና ደብዳቤ ማውጣትና የቤተሰቡን ሽማግሌዎች በአንድ ወረቀት ላይ ማስፈረም ይበቃል ባይ ነው። ባንኩ እምቢ ካለ ደግሞ ልጆቹን በጉዲፈቻ ውሰጃቸው፣ ሁሉም ነገር በአንዴ ይዘጋል አለ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ሽማግሌ ማስፈረም ችሎት ከመቆም ይቀላላ።

ደስታዬን ያጠፋችው 5ኛዋ ናት። በቤተሰብ ጉዳይ ለብዙ ዓመታት ጥብቅና የቆመች ሴት ነች፣ ከአጻጻፏ ያስታውቃል። የ4ኛው ሐሳብ ግማሹ ልክ ነው አለች። ሕጉ አክስትን ያውቃታል፣ ግን በመጀመሪያ ደረጃ አያስቀምጣትም። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሁለቱም ወላጆች ሞተው በኑዛዜ የመረጡት ሰው ከሌለ ቀድመው የሚጠሩት አያቶች ናቸው። ከነሱ ቀጥሎ አካለ መጠን ያደረሱ ወንድምና እህቶች፣ ከዚያ በኋላ ነው አጎትና አክስት የሚመጡት። ስለዚህ ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቅሽ የአያት መኖርን ነው፣ ካለች ለምን እሷ አልመጣችም ይልሻል አለች።

አያት አለች። የእናታቸው እናት። እሷን ጭራሽ አላሰብኳትም ነበር።

5ኛዋ ቀጥላ አሳዳሪና ሞግዚት አንድ እንዳልሆኑ አስረዳችኝ። አሳዳሪው ልጁን ነው የሚይዘው፤ የት ይኖራል፣ የት ይማራል፣ ሲታመም ማን ይፈርማል የሚለውን። ሞግዚቱ ንብረቱን ነው፤ ቤቱን፣ የባንኩን ብር፣ ኪራዩን። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ሁለቱንም ይይዛል። እኔ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ የአሳዳሪውን ሥራ ስሠራ ቆይቼ፣ የሞግዚቱን ሥራ ግን ያለ ሥልጣን ነበር የምሠራው። ኪራይ ተቀብዬ የፈረምኩበት ደረሰኝ ሁሉ ሥልጣን በሌለው ሰው የተፈረመ ነው ማለት ነው። ይኼን ሳነብ ላብ አጠመቀኝ።

የሚያስፈልገውን ቀለል አድርጋ ነገረችኝ። የሁለቱም ወላጆች የሞት ምስክር ወረቀት፣ የልጆቹ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ዝምድናዬን የሚያሳይ ማስረጃ፣ ቤተሰቡን የሚያውቁ ምስክሮች። አቤቱታው ላይ ልጆቹ ምን ንብረት እንዳላቸው አንድም ሳይደበቅ መጻፍ። ከሁሉም በላይ አጽንኦት የሰጠችው ቅደም ተከተሉን ነው። ሰው ብዙ ጊዜ የወራሽነት ማረጋገጫ ለማውጣት ይሮጣል፣ ግን ለሕፃን ልጅ ወራሽነቱን የሚጠይቅለት ሞግዚቱ ስለሆነ ሞግዚትነቱ ይቀድማል። ሞግዚትነት፣ ከዚያ ወራሽነት፣ ከዚያ ባንኩና የቤቱ ካርታ። ተገላቢጦሽ የሄደ ሰው ሁለቴ ይመላለሳል።

ጉዲፈቻውን በተመለከተ 4ኛውን አልማረችውም። ጉዲፈቻ ልጁን የራስሽ ልጅ የሚያደርግ ነገር ነው፣ ባልና ሚስት አብረው ነው የሚያደርጉት፣ ፍርድ ቤትም ያጸድቀዋል። ባንክ እምቢ ስላለ የሚደረግ አይደለም። ለዚያውም የ14 ዓመቷን ልጅ ሳይጠይቁ እንዴት ይታሰባል አለች። 4ኛው ተቀይሞ እሱ የሰው ልጅ ለማዳን እንጂ ጠበቃ ለማብላት እንዳልጻፈ ገለጸ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት መልሶች ያህል ጠበቆች ተሰደቡ። ያንን ልዝለለው።

6ኛው በትሕትና አንድ ነገር ጨመረ። 5ኛዋ የጠቀሰችው ሕግ የፌዴራሉ ነው፣ ብዙዎቹ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው ልጆቹ ያሉበትን ቦታ ሕግ ማየት ይሻላል አለ። እሷም ልክ ነህ ብላ ተቀበለችው። በውይይቱ ውስጥ ሰው ስህተቱን በጸጋ ሲቀበል ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

7ኛው የራሱን ታሪክ ይዞ መጣ። የእህቱን ልጆች ሲያሳድግ አያታቸውን ሳያማክር አቤቱታ አቀረበ። አሮጊቷ ልጆቹን ለመውሰድ አቅሙም ሐሳቡም አልነበራቸውም። ግን ከጎረቤት ሲሰሙት ተናቅሁ ብለው መቃወሚያ አስገቡ፣ ነገሩም ስምንት ወር ተጓተተ። በመጨረሻ ችሎት ቀርበው አቅም የለኝም፣ ለልጄ ይሁንልኝ ያሉት ቀድሞ ሄዶ ጉልበታቸውን ቢስም ኖሮ በመጀመሪያው ቀን የሚሉትን ነው። እኔ ይኼን ባነበብኩ ማግስት ወደ ልጆቹ አያት ሄድኩ።

8ኛዋ ውይይቱን ቀየረችው። እሷ ራሷ ወላጆቿን በ9 ዓመቷ ያጣችና አጎቷ ቤት ያደገች ናት። ክፉ ሰው አልነበረም፣ አስተምሮኛል፣ አላስራበኝም ትላለች። እናቷ ሱቅ ነበራት። ሱቁ ምን እንደሆነ አድጋ ስትጠይቅ ቤቱ በአንዴ ዝም አለ። ከዚያ አክስቷ እያለቀሰች ስንቱን እንዳበሉሽ ረሳሽው ወይ አለቻት። ሱቁ ለትምህርቷ ተሸጦ ይሆናል፣ ለቤት መሥሪያ ውሎ ይሆናል፣ እስከ ዛሬ አታውቅም። የሚያመኝ ብሩ አይደለም ብላለች። ጠይቄ ውለታ ቢስ መባሌ ነው። ለእኔ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነገረችኝ፦ ልጅቷ 14 ዓመቷ ከሆነ የኪራዩን ነገር ከአሁኑ እያሰበችው ነው፣ አለመጠየቋ አለማወቋ እንዳይመስልሽ።

9ኛው በቀጥታ ሌባ አለኝ። ቃሉ ይኸው ነበር፣ አላለሳለሰውም። የሙት ልጅ ኪራይ እየበሉ እኩል አሳድጋለሁ ማለት ምን ዓይነት ድፍረት ነው ብሎ ጀመረ። ዓመት ከመንፈቅ ስንት ወር እንደሆነ ቆጠረልኝ፣ 18። አሥራ ስምንት ኪራይ። እጄ እየተንቀጠቀጠ መለስኩለት። ሁለት ሰው ዓመት ከመንፈቅ በነፃ እንደማይኖር፣ የትምህርት ቤቱን፣ የልብሱን፣ የሐኪሙን ጻፍኩለት። እሱም እሺ አሳይን አለኝ። የማሳየው ነገር አልነበረኝም። እዚያ ላይ ዝም አልኩ። ሰውየውን እስካሁን አልወደውም፣ ጥያቄው ግን የእሱ ብቻ አልነበረም።

ያዳነኝ 10ኛው ነው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሰው ናቸው፣ እንደ አባት ነው የጻፉት። ልጄ፣ መጀመሪያ ለኪራዩ የተለየ የባንክ ሒሳብ ክፈቺ፣ ሁለተኛ ደብተር ግዢ አሉኝ። ከዚያ በምሳሌ አሰሉት። ኪራዩ በወር 100 ነው እንበል። የቤቱ የወር ወጪ፣ አስቤዛው፣ መብራቱ፣ ውሃው፣ 150 ነው እንበል። ስድስት ስለሆናችሁ የአንድ ሰው ድርሻ 25 ይሆናል፣ የሁለቱ ልጆች 50። የሁለቱ ትምህርት ቤት 30። ለቤታቸው እድሳት በየወሩ 10 ይቀመጥ። ድምሩ 90 ነው። የቀረችው 10 የነሱ ቁጠባ ናት፣ አንቺ አትነኪያትም። በአንድ ወር ልጁ ታሞ ወጪው 120 ከገባ ደግሞ 20ው ከቁጠባቸው ነው ወይስ ከኪስሽ የሚለውን እዚያው ጻፊው። ከኪስሽ ከሆነ ስጦታ መሆኑን ጻፊ፣ ኋላ ዕዳ ብለሽ እንዳታነሺው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ጨመሩ። የሳሎን ሶፋ በስድስት አይካፈልም፣ ሶፋው የአንቺ ነው። ያለ ልጆቹም የምታወጪውን ወጪ ለነሱ አታካፍዪ። መብራት በነሱ ምክንያት ጨምሯል፣ ይካፈል። የቤትሽ ኪራይ እነሱ ስለመጡ ካልጨመረ አይካፈል። ብዙ ሰው ሳያስበው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው አሉ።

5ኛዋ ተመልሳ ይኼንን አጸናችው። ሞግዚት የሕፃኑን ሀብት መጀመሪያ ይመዘግባል፣ ልጁ 18 ሲሞላው ወይም ሞግዚትነቱ ሲያልቅ ሒሳብ ያስረክባል። ቤቱን መሸጥ ቢያስፈልግ ፍርድ ቤት ሳይፈቅድ አይሆንም። ያለፈውን 18 ወርም ከትዝታም ቢሆን ጻፊው፣ ግምት መሆኑን ግን አትደብቂ አለችኝ። ደረሰኝ ያለውን አያይዢ፣ የሌለውን የለም በዪ።

ገንዘቡ መልክ ሲይዝ 11ኛዋ ሌላ በር ከፈተች። ልጆቹ የራሳቸው ኪራይ ካላቸውና የአንቺ ልጆች ምንም ከሌላቸው እኩልነት ማለት ምንድን ነው? የወንድምሽ ልጆች በራሳቸው ገንዘብ የተሻለ ትምህርት ቤት መግባት ቢችሉ ታስገቢያቸዋለሽ? ወይስ ከእኔ ልጆች አይበልጡም ብለሽ ታስቀሪያቸዋለሽ? እዚህ ላይ መግባባት አልነበረም። 12ኛው በአንድ ቤት ሁለት ዓይነት ዩኒፎርም ጠብ ይወልዳል አለ። 13ኛዋ የልጆቹ ሀብት ለልጆቹ ነው፣ ለአንቺ ቤት ሰላም ብለሽ የነሱን ዕድል አትቀንሺ አለች። 10ኛው አባት ከሁለቱም ጋር አልሆኑም፤ ቁጠባው ይጠራቀምና ትልቋ ለዩኒቨርሲቲ ስትደርስ ይጠቅማታል አሉ። እኔ እስካሁን አልወሰንኩም። ልቤ ወደ 13ኛዋ ያደላል፣ የ12 ዓመቱ ልጄ ፊት ግን ይመጣብኛል።

የፍሪጁን ጥያቄ ሁሉም ረስቶት ነበር። ያነሳችው 16ኛዋ ናት፣ አስተማሪ ናት። ሁለት መስመር ብቻ ጻፈች። የራሷን ልጆች ብቻ የምትቆጣ እናት ሌሎቹን እንግዳ አድርጋለች፣ ምክንያቱም ሰው በቤቱ የማይቆጣው እንግዳን ነው። ልጁ ፈቃድ የሚጠይቀው ስለሚፈራሽ አይደለም፣ እስካሁን ስላልተቆጣሽው ነው። 17ኛው ሊበላት ደረሰ፤ እናት አባቱን የቀበረ ሕፃን ላይ ጩኺበት ትያለሽ ወይ ብሎ። ጩኺበት አላለችም። ሣህን ማንሳት የእሱም ተራ ይሁን፣ ሲረሳ ደግሞ እንደሌሎቹ ይነገረው ነው ያለችው። 8ኛዋም ደገፈቻት፣ ግን በጥንቃቄ። እሷ ያደገችበት ቤት የነበረው ተቃራኒው ነው፤ ሥራው ለእሷ፣ ቁጣውም ለእሷ። ስለዚህ ተራው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ የአራቱም ስም ይኑርበት፣ ሁሉም ያንብበው አለች።

ከዚያ ወሬው ሄደ። 19ኛው ልጁ እማዬ ብሎ ቢጠራሽ ምን ትያለሽ ብሎ ጠየቀ። 20ኛው አክስት አክስት ናት፣ እማዬ መባል የሟቿን ቦታ መውሰድ ነው አለ። 21ኛዋ ልጁ የመረጠው ይሁን አለች። አንዱ ደግሞ የትምህርት ቤቱን ጣጣ ለማሳጠር ብሎ የልጁን የአባት ስም በራሱ ስም አስለውጦ እንደነበር በኩራት ጻፈ፣ እሱን ሁሉም በአንድ ላይ ወረዱበት። ያ የሟች ወንድሙ ስም ነበርኮ። በመሃል ስለ አልጋ ተራና ስለ ድርብ አልጋ የተጻፈው ብቻ ስድስት መልስ ይሆናል።

5ኛዋ ወደ መጨረሻው ላይ ያነሳችው ነገር ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ። ሞግዚትነት አይወረስም፣ አንቺ ነገ ብትሞቺ ልጆቹ እንደገና ያለ ሞግዚት ይቀራሉ፣ ሌላ ሰው በፍርድ ቤት ይሾማል አለች። ከዚህም በላይ የአንቺን ንብረት የሚወርሱት ልጆችሽ ናቸው። የወንድምሽ ልጆች ከአንቺ ልጆች ጋር እኩል ድርሻ እንዲኖራቸው ከፈለግሽ በኑዛዜ ካልጻፍሽው በስተቀር ምንም የላቸውም። በሕይወት እያለሽ በእኩል ጫማ ያሳደግሻቸው አራት ልጆች፣ በሞትሽ ማግስት ሁለት ለሁለት ይሆናሉ። ባለቤቴን አስነስቼ አነበብኩለት። ነገ እናውራ አለና ተኛ። አሁንም አላወራንም።

9ኛው ተመልሶ መጣ። ይቅርታ አልጠየቀም። ደብተሩ ተገዛ ወይ ብሎ ብቻ ጠየቀ። ተገዝቷል አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ለጠየቃችሁኝ ልንገራችሁ። አያታቸው እንባቸው ቀድሞ ነው የተቀበሉኝ። ለምን እስካሁን አልመጣሽም እንጂ ለምን መጣሽ አላሉኝም። ችሎት ቀርበው አቅም እንደሌላቸው ተናገሩ። አጎታቸው፣ የእናታቸው ወንድም፣ ቤቱን ማን ያስተዳድራል ብሎ ትንሽ ከበድ ብሎ ነበር። ደብተሩን በየሦስት ወሩ እንዲያይ ተስማማን፣ በቃሌም ሳይሆን በጽሑፍ። ዳኛዋ ትልቋን ልጅ ጠየቀቻት፣ እሷም ራሷን ነቅንቃ አክስቴ ጋ አለች። ለሚቀጥለው ወር ተቀጥረናል።

ደብተሩን የማሰላው እሑድ ማታ ነው። ባለፈው እሑድ የወንድሜ ልጅ አጠገቤ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። ምን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ። 8ኛዋን አስታወስኩና ደብተሩን ገፋሁላት። ቀስ ብላ አነበበችው፣ እስክሪብቶዋን አውጥታ አንዱ መስመር ላይ ቆመች። ለቤታቸው የበር ቁልፍ ጥገና ብዬ የጻፍኩት ብር የእኛ የበር ቁልፍ ነበር። የዚያን ቀን አብራኝ ስለነበረች ታስታውሳለች። ሰረዘችውና ከጎኑ የእናንተ ብላ ጻፈች፣ ትንሽ ቆየችና ያንንም ሰርዛ የዚህ ቤት አለችው።